«ፀሐያማ፤ ሥራ የለም»፦ ዝናብና የሰው እጥረት በሳይት ውሎ መዝገብ ላይ እንዴት ይጻፉ?

«ከባድ ዝናብ ጣለ። ሰው አልተሟላም። ሥራ የለም።»

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጀማሪ የሳይት ኢንጂነር ሳለሁ፣ አንድ ቀን ማታ፣ የጫማዬ ጭቃ ሳይደርቅ። የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። ከ14 ወር በኋላ ግን የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄያችን ሲታይ ያው ገጽ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋና ጥያቄ ይወርድብኝ ጀመር። ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ? መቼ አባራ? የትኛው ሥራ ነው የቆመው? ሰው አልተሟላም ስትል ስንት ይጠበቅ ነበር፣ ስንትስ መጣ? ዝናቡ ባይጥል ኖሮ በመጣው ሰው ሥራው ይሄድ ነበር?

አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ትዝ ያለኝ ብርዱ ብቻ ነበር።

ጉድ የሠራን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ዝናቡን ምክንያት አድርገን ጊዜ ስንጠይቅ «ሰው አልነበራችሁማ፤ ባይዘንብም አትሠሩም ነበር» ተባልን። ሰው ያጣንበትን ምክንያት እናስረዳ ስንል ደግሞ «ዘንቦ ነበር፤ ሰው ቢኖርስ ምን ይሠራል?» ተባልን። ሦስቱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮቼ እርስ በርስ ተጠላለፉ። ሁለት ምክንያት ጽፌ አንዱንም ማስረዳት አቃተኝ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ዝናብና የሰው እጥረት በአንድ ሳምንት ሲገጣጠሙ የየራሳቸው ድርሻ በኋላ እንዲለይ ውሎ መዝገቡ ላይ ምን መጻፍ አለበት?

ሁለቱ ምክንያቶች በውል ዓይን እኩል አይደሉም

ውል ከመዝገብ በፊት መነበብ አለበት፤ ምን እንደሚጻፍ የሚነግረን እሱ ነውና። በብዙ አገር የሚሠራበትን የግንባታ ውል፣ ፊዲክን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ቀዩ መጽሐፍ የሚባለው እትሙ ንዑስ አንቀጽ 8.4 ላይ ለተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ የሚያሰጡ ምክንያቶችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዱ «እጅግ ያልተለመደ አስቸጋሪ የአየር ሁኔታ» ነው። ሌላው አስቀድሞ ሊገመት ያልቻለ የሰው ኃይል ወይም የዕቃ እጥረት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ቁልፍ አለ፤ እጥረቱ በወረርሽኝ ወይም በመንግሥት እርምጃ የመጣ መሆን አለበት።

እንግዲህ ሠራተኛ የተሻለ ክፍያ አግኝቶ ሌላ ሳይት ቢሄድ፣ ደመወዝ ዘግይቶ ቢቀር ወይም ፎርማኑ ሳይደውልለት ቢቀር ችግሩ የተቋራጩ ነው። «ሰው ጠፋ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው በራሱ ላይ ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው። ማታ ደክሞት፣ ለራሱ ማስታወሻ የያዘ እየመሰለው፣ በገዛ እጁ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ይፈርማል።

ዝናብም ስለዘነበ ብቻ ጊዜ አያሰጥም። በዝናብ ወቅት የሚጥል የተለመደ ዝናብ ውል ሲፈረም የታወቀ ነገር ነው። ያልተለመደ ነበር የሚለውን የሚያረጋግጠው ውሎ መዝገቡ ሳይሆን የአየር ጠባይ ጣቢያው የብዙ ዓመት መረጃ ነው። ኤንኢሲ የሚባለው የውል ዓይነት ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል። በአንድ የቀን መቁጠሪያ ወር ውስጥ የተለካው የአየር ሁኔታ በአማካይ በ10 ዓመት ከአንድ ጊዜ ባነሰ ድግግሞሽ የሚከሰት ካልሆነ አይቆጠርም።

ታዲያ መዝገቡ ለምን ይጠቅማል? ጣቢያው ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ይናገራል እንጂ ያ ዝናብ የእናንተን ጉድጓድ ምን እንዳደረገው አያውቅም። ያንን የሚያውቀው እዚያ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ሳምንት በዝርዝር

ነገሩ በምሳሌ ይቀላል። የሕንፃ የምድር ወለል ሥር የተመረጠ አፈር እየተሞላ ይጠቀጠቃል። እያንዳንዱ ንብርብር 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ሥራ ካላለቀ ወለሉ አይሞላም፤ ወለሉ ካልተሞላ ከላይ ያለው ሁሉ ይጠብቃል። የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ 2:00 እስከ 11:00፣ መሐል ላይ የ1 ሰዓት ምሳ፣ በድምሩ 8 ሰዓት ነው። በዕቅዱ መሠረት ለዚህ ሥራ 10 የቀን ሠራተኛ፣ አንድ ሎደርና አንድ ሮለር ይመደባል። ለሥራው የተመቸው የአፈር እርጥበት በላቦራቶሪ 15 በመቶ ተብሏል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 2 በመቶ ይፈቀዳል።

የሰኞ ገጽ ይህን ይመስላል፦

«10 የቀን ሠራተኛ፣ 2 ኦፕሬተር ተገኝቷል (ዕቅድ 10 እና 2)። 8:40 ደመና ስለከበደ የተነጠፈው ንብርብር ለውኃ ተዳፋት ተሰጥቶት በሮለር ተዘጋ። 9:10 ዝናብ ጀመረ፣ ሙሌት ቆመ። 10:40 አባራ። በሳይቱ መለኪያ 34 ሚሊ ሜትር። በሰሜን ጥግ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ተኛ። ሙሌት እስከ 11:00 አልቀጠለም።»

ስለ ደመናው የተጻፈችውን ልብ በሉ። በኋላ የሚጠየቀው «ጉዳቱን ለመቀነስ ምን አደረጋችሁ?» ተብሎ ነው። ከዝናብ በፊት ለስላሳና ተዳፋት ተደርጎ የተዘጋ አፈር ውኃውን ያፈሳል፤ ልቅ ሆኖ የተተወ ግን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። አሥር ቃል የማትሞላ ማስታወሻ ያን ጥያቄ አስቀድማ ትመልሰዋለች።

አሁን ወደ ማክሰኞ እንሂድ። ማክሰኞ ፀሐይ ወጣ። ብዙ መዝገብ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። የአየር ሁኔታ የሚለው ሳጥን ውስጥ «ፀሐያማ» ይጻፋል፣ የሥራው ሳጥን ውስጥ «ሙሌት የለም» ይባላል፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ምን ይላል? በጠራራ ፀሐይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል ይላል። የሰኞን ዝናብ ከማክሰኞ ጭቃ ጋር የሚያያይዝ መስመር ከሌለ ንባቡ ትክክል ነው።

ጥሩው የማክሰኞ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ፀሐያማ፣ ዝናብ 0። 10 የቀን ሠራተኛ፣ 2 ኦፕሬተር ተገኝቷል። በሰኞው ዝናብ ምክንያት ሙሌት አልተሠራም። 2:15 ሮለር ለሙከራ ገብቶ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ሰመጠ፣ ፎቶ ተነሥቷል። 3:00 የእርጥበት ልኬት 22 በመቶ። 6 ሰው በፓምፕና በቦይ ሥራ ላይ፣ ከ2:30 እስከ 8:00 ውኃ ወጣ። 4 ሰው ወደ ብሎኬት ማራገፍ ተዛወረ። ከ8:00 በኋላ የላይኛው አፈር ለመድረቅ ተገለበጠ።»

«ጭቃ ነው» ማለት አስተያየት ነው። «ሮለር 8 ሴንቲ ሜትር ሰመጠ» ማለት ግን ልኬት ነው። በካርባይድ የሚሠራው ፈጣን የእርጥበት መለኪያ ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ከሌለ ደግሞ የጎማው ዱካ ጎን ሜትር አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

ረቡዕ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ሰው ቀረ።

«ፀሐያማ፣ ዝናብ 0። 4 የቀን ሠራተኛ (ዕቅድ 10)፣ 2 ኦፕሬተር ተገኝቷል። እርጥበት 3:00 ላይ 19 በመቶ፣ 7:30 ላይ 16.5 በመቶ። እስከ 7:30 ሙሉ ሰው ቢኖርም ሮለር የሚገባበት አፈር አልነበረም። 7:30 ሙሌት ቀጠለ። እስከ 11:00 በ4 ሰው 27 ሜትር ኩብ ተሞላ።»

«ሙሉ ሰው ቢኖርም» የምትለው ሐረግ እኔን ያኔ ያሳፈረችኝን ጥያቄ የምትመልስ ናት። ጠዋት ሁለት ችግር አብሮ ነበር፤ አፈሩም እርጥብ፣ ሰውም ጎዶሎ። መዝገቡ ግን ሥራውን የያዘው የትኛው እንደነበር በልኬት ለየ። ከሰዓት በኋላ አፈሩ ደህና ስለሆነ የቀረው መንቀራፈፍ የሰው እጥረት እንጂ የዝናብ አይደለም። መዝገቡ ይህንንም ሳይደብቅ ያሳያል።

አሁን እንደምር። ሰኞ ከ9:10 እስከ 11:00፣ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። ማክሰኞ ሙሉው 8 ሰዓት። ረቡዕ ምሳውን ሳንቆጥር 4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ። ድምሩ 14 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት የሥራ ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። የጣቢያውን መረጃ ብቻ የያዘ ሰው የሚያየው አንድ ዝናባማ ቀን ነው። የዘነበበትን ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ቀሪውን የተሸከሙት ሦስቱ ገጾች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማክሰኞ ሙሌት ባይኖርም 10 ሰው መምጣቱ ተጽፏል። ባይጻፍ ኖሮ ረቡዕ ላይ 4 ሰው ብቻ ያየ አንባቢ «እጥረቱ ከማክሰኞም ጀምሮ የነበረ ነው» ብሎ መከራከር ይችላል። ሥራ በሌለበት ቀንም ሰው ይቆጠራል። እንዲያውም ያን ቀን ይበልጥ ይቆጠራል።

የሰው እጥረት፦ ከስንት፣ ማን፣ ለምን

ሐሙስ ደረቅ ቀን ነበር፤ አፈሩም ጥሩ። ከ10 ሰው አሁንም የመጣው 4 ነው። የተሞላው 62 ሜትር ኩብ። ስንት ጠፋ?

ይህን ለማወቅ ደህናው ቀን ምን ይመስል እንደነበር መታወቅ አለበት። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ብዙ ፎርማን ችግር ሲመጣ ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ ሥራ ሲሄድ «ሥራ በመልካም ሁኔታ ቀጥሏል» ብሎ ያልፋል። ግን ክፉ ቀን የሚለካው በደህና ቀን ነው። በምሳሌያችን ባለፉት አምስት ደረቅ ቀናት በ10 ሰው በአማካይ 118 ሜትር ኩብ ይሞላ እንደነበር መዝገቡ ላይ አለ እንበል። ሐሙስ የጎደለው 56 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት ሲሰላ ከ3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ይህ ስሌት ክርክር አይነሣበትም ማለት አይደለም፤ ግን መነሻ አለው። ያለ እነዚያ አምስት አሰልቺ ገጾች መነሻም አይኖርም ነበር።

ቀጥሎ፣ ቁጥሩ በሙያ መለየት አለበት። «በሳይት 46 ሰው» የሚል ድምር ምንም አይናገርም። 46 ሰው ኖሮ አንድ ፌራዮ ላይኖር ይችላል። ያኔ ብረት አይታሰርም፣ ኮንክሪትም አይሞላም፤ ድምሩ ግን ያማረ ይመስላል። ፌራዮ ስንት፣ አናጺ ስንት፣ ግንበኛ ስንት፣ የቀን ሠራተኛ ስንት፤ ከዚያም የትኛው ብሎክ፣ የትኛው ሥራ ላይ። የንዑስ ተቋራጭ ሰዎችም ለብቻቸው ይጻፉ። የታቀደው ቁጥር ደግሞ ከጸደቀው የሥራ መርሐ ግብር የመጣ ይሁን፤ ከጭንቅላት የወጣ «ያስፈልገን የነበረው» አያስኬድም።

የመጨረሻው «ለምን» ነው። እዚህ ላይ ሰነፍ መሆን ውድ ያስከፍላል። የረቡዕ ገጽ ታች ላይ ይህ ተጽፏል እንበል፦

«6 ሰው ቀርቷል። ፎርማኑ 2:20 ላይ ደወለ። 4ቱ የሚኖሩበት ሰፈር በወረርሽኙ ምክንያት ከትናንት ማታ ጀምሮ በመንግሥት ትእዛዝ መውጫ መግቢያው ተዘግቷል፤ የትእዛዙ ቅጂ ተያይዟል። 2ቱ ሌላ ሥራ አግኝተው ለቀዋል። የሰዎቹ ቁጥር በበር መዝገብ ከ31 እስከ 36። 3:00 ላይ ለሁለት የሠራተኛ አቅራቢዎች ተደውሎ ተተኪ ተጠየቀ፤ አንዱ የለኝም አለ፣ ሌላው ከሰኞ በፊት አልችልም አለ።»

በጠቀስነው የፊዲክ አንቀጽ ሚዛን ስናየው አራቱ ሰዎች ለጥያቄ የሚበቁ ናቸው፣ ሁለቱ አይደሉም። ስድስቱንም በአንድ ከረጢት ከቶ «በወረርሽኙ ምክንያት» ማለት ያጓጓል፤ እኔም ፈተናውን አውቀዋለሁ። ችግሩ የሁለቱ ሰዎች የመጨረሻ ክፍያ ሰነድ የሂሳብ ክፍል ውስጥ መኖሩ ነው። አንዷ ግነት ከተገኘች የአራቱም ነገር ይጠረጠራል።

ለአቅራቢዎች መደወሉም ከንቱ አይደለም። እጥረት ማለት ፈልጎ ማጣት ነው። ካልፈለጉ እጥረት ሳይሆን አለመቅጠር ይባላል። ለማን ተደወለ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን መለሰ፤ አንድ መስመር ይበቃል። ሰው ወደ ሌላ ፕሮጀክታችሁ አዛውራችሁ ከሆነም ይጻፍ። ተቃራኒው ወገን መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው፣ የደመወዝ ሰነዱም ይመሰክራል።

ሚሊ ሜትር፣ ሰዓትና የጣቢያው ቀን

ስለ ዝናብ መለኪያ ትንሽ ልበል። ውድ ዕቃ አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። መለኪያው ከግንብ ወይም ከዛፍ ሥር ከተተከለ ውሸት ይናገራል። የተለመደው መመሪያ ከመለኪያው አፍ በላይ የሚቆም ማንኛውም ነገር ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ ያህል ይራቅ የሚል ነው። አራት ሜትር ከፍ ያለ አጥር ካለ ስምንት ሜትር ራቅ ማለት ነው። ሕንፃው ሲያድግ መለኪያው ይነሣል፤ የተነሣበት ቀንም ይጻፋል።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይነበብ። ያልዘነበ ቀን «0» ይጻፍ። ባዶ ቦታ «አልዘነበም» ማለት አይደለም፣ «አላየሁም» ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ወጥመድ አለ። በሰው የሚነበቡ የአየር ጠባይ ጣቢያዎች የቀኑን ዝናብ የሚለኩት ብዙውን ጊዜ ጠዋት፣ በተወሰነ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከጠዋቱ 3:00 ላይ ከሆነ፣ ሰኞ ከሰዓት የጣለው ዝናብ የሚነበበው ማክሰኞ ጠዋት ነው። በአንዳንድ ሠንጠረዥ በማክሰኞ ስም ይገባል፣ በአንዳንዱ ወደ ሰኞ ይመለሳል። እናንተ ሰኞ ብላችሁ የጣቢያው ሠንጠረዥ ማክሰኞ ሲል ተቃራኒው ወገን «መዝገባቸው ከጣቢያው ጋር አይገጥምም» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዝናቡ የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓት ጻፉ። ጣቢያውን ደግሞ የልኬት ሰዓቱን ጠይቁ። ሰዓት ያለው መዝገብ ከየትኛውም ሠንጠረዥ ጋር ሊታረቅ ይችላል። «ዛሬ ዘነበ» የሚለው ግን ከምንም ጋር አይታረቅም።

የሰዓት አቆጣጠሩም አንድ ይሁን። አንዱ ገጽ ላይ «9:10 ከሰዓት»፣ ሌላው ላይ «15:10» ከተባለ አንባቢው ይደናገራል። የስልክ ፎቶ ሰዓቱን የሚመዘግበው በራሱ አቆጣጠር ስለሆነ፣ መዝገቡ የትኛውን እንደሚጠቀም መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ መግለጽ ይበቃል። ፎቶውንም ከነዋናው ፋይል አስቀምጡት። በመልእክት መላኪያ ሲያልፍ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የተነሣበት ሰዓትና ቦታ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

የማይመቸንም ይጻፍ

ማክሰኞ ፓምፑ ለሁለት ሰዓት ተበላሽቶ ቢሆንስ? ይጻፋል። የፓምፑ ብልሽት የተቋራጩ ነው፣ የዝናብ አይደለም። ከ14 ሰዓት ከ20 ላይ የተወሰነው ሊቀነስ ይችላል። ታዲያ ለምን በራሳችን ላይ እንጽፋለን?

ምክንያቱም ተቆጣጣሪው መሐንዲስም የራሱን ውሎ ይጽፋል። የነዳጅ መዝገብ አለ፣ የጥገና ሰነድ አለ። በየገጹ ጥፋት የሌለበት ተቋራጭ ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ከዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የሚጎዳውንም ይጽፋል ወይ? አንድ ሁለት ቦታ ካገኘ ሌላውን ማመን ይጀምራል።

በዚሁ መሠረት የዝናቡን «እጅግ ያልተለመደ» መሆን መዝገብ ላይ መጻፍ አያስፈልግም። እሱ የፍርድ ቃል ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባሉት ገጾች ውስጥ ዝናቡ «ከባድ» ነበር የሚል እንኳ የለም። 34 ሚሊ ሜትር በአንድ ሰዓት ተኩል የሚለው ራሱ ይናገራል። የጥፋተኝነት ክርክርም ለደብዳቤ ይቆይ።

ደብተሩ ራሱ

ገጾቹ ቁጥር ያላቸውና የተሰፉ ይሁኑ፤ ልቅ ወረቀት ይገባል ይወጣል። የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ፤ አጠገቡ ፊርማና ቀን። ማጥፊያ ፈሳሽ የተቀባ ገጽ ምን እንደደበቀ የሚገምተው አንባቢው ነው፣ ግምቱም ደግ አይሆንም። ባዶ የቀረ ቦታ በመስመር ይዘጋል። በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚጻፍ ከሆነ ማን፣ መቼ እንዳስገባና እንዳሻሻለ የሚይዝ ሥርዓት ይሁን። በየቀኑ እየተከፈተ የሚስተካከል ተራ ሠንጠረዥ ለዚህ አይሆንም።

ዋናው ግን በዕለቱ መጻፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የፎክላንድ ደሴቶች ፍርድ ቤት በቀድሞው የፊዲክ ውል ላይ በተነሣ ክርክር ይህን ነጥብ አይቶት ነበር። ውሉ ተቋራጩ የወቅቱን መዛግብት እንዲይዝ ያስገድዳል። ፍርድ ቤቱ የወቅቱ መዝገብ ማለት ጉዳዩ በተከሰተበት ጊዜ ወይም በዚያው አካባቢ የተዘጋጀ ዋና ሰነድ ነው አለ። ያልተያዘ መዝገብ በኋላ በሚጻፍ የምስክር ቃል አይተካም። እ.ኤ.አ. የ2017 የፊዲክ እትም ደግሞ ትርጉሙን ውሉ ውስጥ አስገባው፤ ከክስተቱ ጋር በአንድ ጊዜ ወይም ወዲያው ከዚያ በኋላ የተዘጋጀ የሚል ነው።

አንድ ቀን ቢያመልጥስ? ያጋጥማል። ሐሙስ ላይ ሆኖ የረቡዕን ገጽ ረቡዕ እንደተጻፈ ማስመሰል ግን አደጋ አለው። «ይህ የረቡዕ ውሎ ሐሙስ 2:30 ላይ የተጻፈ ነው፤ ረቡዕ ማታ ወደ ሆስፒታል ሄጄ ነበር» ማለት ይቻላል። ክብደቱ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን ይቆማል። በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ የሚመስል የሁለት ሳምንት መዝገብ ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ተከታታይ ገጾች ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሲደጋገምም እንዲሁ።

ተቆጣጣሪው በየቀኑ ቢፈርምበት ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ግን «ከፈረምኩ ጥያቄውን ተቀበልኩ ማለት ነው» ብለው ይሸሻሉ። እኔ የምለው ቀላል ነው፦ «ጊዜ ይገባቸዋል ብለህ አትፈርም። 10 ሰው ነበር፣ መለኪያው 34 አለ፣ ሮለሩ ሰመጠ፤ ይህን ብቻ አየሁ በል።» ከፊርማው በላይ «ለመረጃነት ብቻ» የሚል ቢጨመር አብዛኛው ይፈርማል። እምቢ ካለም ቅጂው በዚያው ቀን በኢሜይል ይላክለት። ሳይቃወም ዝም ማለቱ በኋላ የራሱ ትርጉም ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ መዝገብ ጸሐፊ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። መዝገብ ማስታወቂያ አይደለም። በ1999ኙ ፊዲክ ንዑስ አንቀጽ 20.1 ተቋራጩ ክስተቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ካልሰጠ መብቱን ያጣል ይላል። ተቆጣጣሪው በየቀኑ የፈረመበት መዝገብ ስላለ ደብዳቤው ይቅር ማለት አይቻልም። ማስታወቂያው ረጅም መሆን የለበትም፤ ምን እንደተከሰተ፣ መቼ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠየቅ፣ ግማሽ ገጽ። ዝርዝሩ በኋላ ይመጣል፣ የሚመጣውም ከመዝገቡ ነው።

በእኛ ጊዜ ደብዳቤው በጊዜው ተጽፎ ነበር። በ9ኛው ቀን። የጎደለን ከኋላው የሚቆሙት ገጾች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ሳይት ሁሉ ከመዝገቡ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ያችን ጥያቄ ለጥፌ ነው የምጀምረው፦ «ዝናቡ ባይጥል ኖሮ በመጣው ሰው ሥራው ይሄድ ነበር?» ፎርማኖቹ መጀመሪያ ይስቁብኛል። በሁለተኛው ሳምንት «ሙሉ ሰው ቢኖርም» እያሉ መጻፍ ይጀምራሉ።